እሳት የላሰ ይቅመሰኝ

25 ግራም ሚጥሚጣ የሚይዝ ፓኬት ፊቱ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። ስፋቱ 8፣ ቁመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ዙሪያውን በሙቀት የሚታሸገው ጠርዝ ከየአቅጣጫው አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ጀርባው ላይ ደግሞ ግዴታ የሆነው ጽሑፍ አለ፤ ከብዙው ወደ ትንሹ የተደረደሩ የቅመሞቹ ስሞች፣ የተጣራ ክብደት፣ የአምራቹ አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን። ለቀልድ የሚተርፈው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚገባ ቀልድ ከማሳቅ ሌላም ሥራ ሊኖረው ይገባል፤ ገዢው ሚጥሚጣውን እንዴት እንደሚጠቀም ሊነግረው ይችላል።

ለምሳሌ ፊት ለፊቱ ላይ «እሳት የላሰ ይቅመሰኝ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ፈጣንና ብልጥ ሰው በምን እንደሚጠራ ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ቅኔው ወዲያው ይገባዋል፤ ማስጠንቀቂያውም እንዲሁ። ተናጋሪው ራሱ ሚጥሚጣው መሆኑ ሌላ ጥቅም አለው። አማርኛ «ቅመስ» ወይስ «ቅመሺ» ወይስ «ይቅመሱ» የሚለውን እንድንመርጥ ያስገድደናል፤ ፓኬቱን ግን የሠፈሩ ጎረምሳም እናቱም ይገዙታል። «ይቅመሰኝ» ሲል ማንንም ነጥሎ አይጠራም። «ወንድ ከሆንክ ጨርሰኝ» የሚለውን ዓይነት ፉከራ እኔ አልወደውም። ከገዢዎቹ ግማሹን ያገላል፤ ይባስ ብሎ ልጆች ዱቄቱን በባዶ አፋቸው ለመቃም እንዲወራረዱ ያደርጋል።

ጀርባው ላይ ያለችው መስመር የበለጠ ሥራ አላት፦ «ውሃ አያበርደኝም፤ እርጎ ወይም ዳቦ ያስታርቀናል።» ይህ ቀልድ እውነት ነው። የቃሪያና የበርበሬ ዘሮችን የሚያቃጥሉ የሚያደርጋቸው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር ምላስ ላይ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ያለውን ሙቀት የሚያውቀውን ተቀባይ ይነካል፤ አእምሮም አፍ የተቃጠለ ይመስለዋል። ካፕሳይሲን በውሃ ብዙም አይሟሟም፤ በስብ ግን ይሟሟል። በወተትና በእርጎ ያለው ስብና ፕሮቲን ከምላስ ላይ ያነሳዋል። ክትፎ በንጥር ቅቤ ታሽቶ ከአይብ ጋር የሚቀርበው ለጣዕም ነው ቢባልም፣ አፍንም ያሳርፋል። ዳቦው የተጨመረው ለጾም ነው። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ እርጎን ብቻ የሚያዝ ወይም ክትፎን ብቻ የሚያወሳ ፓኬት ያን ያህል ጊዜ መደርደሪያ ላይ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። «ለክትፎም፣ ለአቮካዶም» ቢል ግን ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል።

ሌላው አደጋ መጠን ነው። ሚጥሚጣ ከበርበሬ ይልቅ እጅግ ያቃጥላል፤ የመጀመሪያ ገዢ ግን ይህን ላያውቅ ይችላል። «በሩብ የሻይ ማንኪያ እንተዋወቅ፤ ከተስማማን እንጨምራለን» ማለት ከደረቅ ትእዛዝ ይሻላል፤ ሰው ያነበዋልና። «ከነካኩኝ በኋላ ዓይንን ለመንካት እጅን በሳሙና» የምትለዋ ግን ቀልድ ተጨምሮባት ብትረዝም ትበላሻለች። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ እንዲያሸንፍ እለቅለታለሁ። «ጉንፋን ነቅሎ ይጥላል» የሚለው ደግሞ ለሳቅ ቢጻፍም የመድኃኒት ማስታወቂያ ሆኖ ይነበባል፤ ስለዚህ ይውጣ።

ጽሑፉ ካማረ በኋላ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ኅትመቱ ነው። በቀይ ላስቲክ ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲታተም ቀለሙ ትንሽ ይስፋፋና የፊደሎቹን ቀጫጭን እግሮችና ቀለበቶች ይውጣቸዋል፤ «ቅ» እና «ቆ»፣ «ሙ» እና «ሚ» ይቀላቀላሉ። በትንሽ ፓኬት ላይ ጥቁር ፊደል በፈዛዛ መደብ ማድረግ ይሻላል፤ ረጅሙን ቀልድ ከማሳነስም ማሳጠር። ዱቄቱን ለማሳየት መስታወት መሰል ቀዳዳ መተውም ያስከፍላል፤ ቀዩ ቀለም ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይገረጣል፤ ከሳምንታት በኋላ «እሳት የላሰ» የተባለው ዱቄት ቡናማ ሆኖ ይታያል።

የመቅደጃ ምልክቱም አለ። ከላይ ተቀዶ የሚጣለው ጠርዝ ላይ የተጻፈ ነገር አብሮ ይጣላል። የአጠቃቀም መስመሩ ከምልክቱ በታች ይሁን፤ ከላይ «ስትከፍቱኝ አታስነጥሱ» ዓይነቷ ትቅር፤ አንዴ ካሳቀች ሥራዋ አልቋል። ቀኑ የሚታተመው ግን ከታች በማይቀደደው በኩል ነው፤ የዘመን አቆጣጠሩም አብሮ ይጻፍ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ «ማብቂያ 2018» በዋሽንግተን ሱቅ ለሚያነበው ሰው ከዓመታት በፊት ያለፈበት ዕቃ ሊመስለው ይችላል። «ዓ.ም.» ቢታከልበት እንኳ አቆጣጠሩን የማያውቅ ደንበኛ አይረዳውምና ወደ ውጭ ለሚሄደው ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ቢታተሙ ይሻላል።