ከመቶ 99.99፦ ስንት ደቂቃ ነው?

አንድ ዓመት 525,600 ደቂቃ አለው። አገልግሎቱ «ከመቶ 99» ይሠራል ከተባለ፣ በዓመት ሦስት ቀን ተኩል ያህል ቢቋረጥም ውሉ አልፈረሰም። 99.9 ሲሆን መቋረጡ ወደ 526 ደቂቃ፣ 99.99 ሲሆን ደግሞ ወደ 53 ደቂቃ ይወርዳል። አንድ 9 በተጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው መቋረጥ ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል።

ውሉ ሲጣስ ምን ይሆናል? የአማዞንን የኪራይ ሰርቨር፣ ኢሲ2ን፣ እንውሰድ። በሁለት የመረጃ ማዕከል ቀጠናዎች ሰርቨር ለሚያሠራ ደንበኛ የተገባው ቃል 99.99 ነው፤ የሚለካውም በየወሩ ነው። 30 ቀን ባለው ወር ይህ ከአራት ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል። በሁለቱም ቀጠናዎች ያሉት ሰርቨሮች አንድ ላይ ለሰባት ሰዓት ቢቋረጡ የወሩ ውጤት 99.03 ይሆናል። እስከ 99 ድረስ ያለው ካሳ ከሂሳቡ 10 በመቶ ብቻ ነው። የ1,000 ዶላር ደንበኛ 100 ዶላር ያገኛል ማለት ነው፤ እሱም ከሚቀጥለው ሂሳብ የሚቀነስ እንጂ ለጠፋ ገበያ የሚከፈል አይደለም። ደንበኛው ራሱ ካልጠየቀ ደግሞ ይቀርበታል።

ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ መቋረጥ የሚባለው ምን እንደሆነ፣ በወር ወይስ በዓመት እንደሚለካ፣ ካሳው ስንት እንደሆነ።