በጽሑፍ ተመሳስሎ ምርመራ ውስጥ ስለ ወለልና ስለ ማግለያ

ሁለት ጽሑፎች የሚጋሩትን የቃላት ሰንሰለት ፈልጎ መጠኑን በመቶኛ የሚያሳውቀውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በዚህ ጽሑፍ «የተመሳስሎ መርማሪ» ብለነዋል። አንድ ሰንሰለት እንዲቆጠር ሊኖረው የሚገባውን አነስተኛ የተከታታይ ቃላት ብዛት ደግሞ «ወለል» እንለዋለን። ወለሉ ከፍ የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «በሌላ በኩል ደግሞ» የመሳሰሉት፣ የማንም የግል ገንዘብ ያልሆኑ ሐረጎች ዘገባውን እንዳያጨናንቁት ነው። ይሁን እንጂ ለእንግሊዝኛ የተመረጠ ወለል እንዳለ ለአማርኛ ሲውል ሚዛኑ ይለወጣል። «አልነገሩንም» የሚለው አንድ ቃላችን በእንግሊዝኛ 5 ቃላት ይፈልጋልና፣ 8 የአማርኛ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 የእንግሊዝኛ ቃላት የሰፋ ሐሳብ ይይዛሉ።

ለአብነት ያህል ይህን ባለ 12 ቃላት ዓረፍተ ነገር እንመልከት፦ «መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የቃሉን ፍች ከመስጠቱ በፊት አገልግሎቱን በልዩ ልዩ ጽሑፎች ይመረምራል»። አንድ ገልባጭ «ከመስጠቱ» የሚለውን ብቻ «ከመጻፉ» ቢለው ሰንሰለቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊቱ 5፣ ከኋላው 6 ቃላት ይቀራሉ። ወለሉ 8 ከሆነ መርማሪው ምንም አያሳይም። ወለሉ 5 ከሆነ ግን ከ12ቱ 11ዱን ያሳያል። በዚህ ላይ ገልባጩ «ጽሑፎች» የሚለውን «ፅሁፎች» ብሎ ቢጽፍና መርማሪው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ የማይቆጥር ቢሆን፣ ወለሉ 5 ሆኖ እንኳ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ 5 ቃላት ብቻ ናቸው። ለአንባቢ ግን ዓረፍተ ነገሩ ያው ነው።

የማግለያው አደጋ ከዚህ ይለያል፤ ወለሉ ሰንሰለትን ሲሰውር ማግለያው ምንጭን ይሰውራል። አንዳንድ መርማሪዎች ከጽሑፉ 1 በመቶ የማይሞላ ድርሻ ያለውን ምንጭ ከቁጥር እንዲያወጡ ሊታዘዙ ይችላሉ። ባለ 10,000 ቃላት ጥናት ከ10 ምንጮች 90፣ 90 ቃላት ቢወስድ፣ እያንዳንዱ ምንጭ ከ100 ቃላት በታች ስለሆነ ሁሉም ይገለላሉ። እንዲህ ሆኖ 900 ቃላት፣ ማለትም የጥናቱ 9 በመቶ፣ በዘገባው ላይ 0 ሆኖ ይነበባል። ጥቅስን ማግለልም እንዲሁ ነው፤ መርማሪው የሚያየው ትእምርተ ጥቅሱን እንጂ የምንጩን መጠቀስ አይደለም። ስለዚህ ምንጩ ያልተነገረለት ሙሉ አንቀጽ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ስለገባ ብቻ ሊያልፍ ይችላል።

ስለሆነም ምርመራው በመጀመሪያ ያለ አንዳች ማግለያና በዝቅተኛ ወለል እንዲካሄድ፣ ከዚያም ማግለያዎቹ አንድ በአንድ እየተጨመሩ እንዲደገም እንመክራለን። በእያንዳንዱ እርምጃ ከዘገባው የወጣው ምንባብ ምን እንደሆነ በዓይን መነበብ አለበት። የወጣው የተለመደ ሐረግ ከሆነ ማግለያው ተገቢ ነው፤ የተያያዘ ሐሳብ ከሆነ ግን ሽፋን ሆኗል ማለት ነው። መቶኛውም ወለሉና ማግለያዎቹ አብረውት ካልተጻፉ ከሌላ መቶኛ ጋር ሊነጻጸር አይገባውም።