ከተቆለፈ በር ጀርባ የሚላክ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2012 ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ኢትዮጵያዊቷን የቤት ሠራተኛ እየጎተተ መኪና ውስጥ ሲከታት ታየ። በአካባቢው የነበረ ሰው ቀረጸው፤ በማርች ወር የሊባኖስ ቴሌቪዥን አሳየው፤ ከዚያ በኋላ ቪዲዮው በፌስቡክና በዩቲዩብ አገር ምድሩን አዳረሰ። ሴትየዋ ማርች 14 ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ያኔ ካሜራውን የያዘው አላፊ አግዳሚ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ስልኩን የምትይዘው ሠራተኛዋ ራሷ ናት። በመሐል ያለው ለውጥ፣ ስደተኞች በኢንተርኔት ምን መሥራት እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ በደንብ ያሳያል።

ስለ ዲያስፖራ ሚዲያ ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስበው ዋሽንግተን ተቀምጦ ስለ ፖለቲካ የሚተነትነውን ሰው ነው። በሊባኖስ ግን መገናኛ ብዙኃኑ ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው፤ የዋትሳፕ ግሩፕ፣ የኢሞ ጥሪ፣ አንድ የፌስቡክ ገጽ። ይህም የሆነበት ምክንያት አለው። በካፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ስም ጋር የታሰረ ነው። ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ከቤት ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ደግሞ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ ከሕጉ ውጭ ያደርጋቸዋል። በ2015 መጀመሪያ የቤት ሠራተኞች ማኅበር ሲቋቋም የወቅቱ የሥራ ሚኒስትር ሕገ ወጥ ነው አሉት። በ2016 መጨረሻ ሁለት ኔፓላውያን አደራጆች ታሰሩ፤ አንደኛዋ ወደ አገሯ ተባረረች። አዳራሽ ተከራይቶ መሰብሰብ እንዲህ ዋጋ የሚያስከፍል ከሆነ መሰብሰቢያው ስልክ ቢሆን አይደንቅም።

ስልክ ከመበርከቱ በፊትም ቢሆን ሴቶቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በሊባኖስ ጥናት ያካሄደችው የሶሲዮሎጂ ባለሙያ አምሪታ ፓንዴ፣ ከቤት እንዳይወጡ የተከለከሉ ሠራተኞች ከሰገነት ሰገነት እየተነጋገሩ ዜና ሲለዋወጡና አንዷ ሌላዋን ስትመክር ማየቷን ጽፋለች። እሑድ ዕረፍት የሚሰጣቸው ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በዶራ ሰፈር ይገናኙ ነበር፤ ዛሬም ይገናኛሉ። ስልኩ የመጣው በዚህ ላይ ነው። በተለይ የድምፅ መልእክት ለዚህ ሕይወት የተፈጠረ ይመስላል፤ መጻፍ የሚያስቸግራት ትናገራለች፤ ማዳሟ ስትተኛ ትልካለች፤ የዋይፋዩ ኮድ የተሰጣት ሰው ያለ ካርድ ታወራለች። ኢሞ በሁለቱም ወገን ተወዳጅ የሆነው ደካማ ኔትወርክ ላይም ስለሚሠራ ነው።

በ2017 ባንቺ ይመር የተባለች የቀድሞ የቤት ሠራተኛ ከጓደኞቿ ጋር «እኛ ለእኛ በስደት» የተሰኘ ማኅበር መሠረተች። እሷ ኋላ ወደ ካናዳ ሄደች፤ ሥራው ግን ሁለት እግር ኖረው። ቤይሩት ያሉት ሴቶች ምግብና መጠለያ ያደርሳሉ፤ ውጭ ያለችው ደግሞ እነሱ ቢናገሩት የሚያሳስራቸውን ነገር ትናገራለች። ሊባኖስ በስደት የኖረውና ካናዳ የተሻገረው ኔፓላዊው ዲፔንድራ ኡፕሬቲ የጀመረው «ዚስ ኢዝ ሌባነን» የተባለው ቡድንም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። አቤቱታ ሲደርሰው በመጀመሪያ አሠሪውን አነጋግሮ ያልተከፈለውን ደመወዝ ይጠይቃል። አሻፈረኝ ካለ የአሠሪውን ስምና ፎቶ ከነታሪኩ ለሕዝብ ያወጣዋል። መሣሪያው ሐፍረት ነው። ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ እንዲያየው ይደረጋል፤ ፍርድ ቤት ያላስከፈለውን ደመወዝ ይሉኝታ ያስከፈለበት ጊዜ አለ።

ከነዚህ ጉዳዮች አንዱን ማየት ይበቃል። አንዲት ኢትዮጵያዊት በ2011 ቤይሩት ገብታ ተቀጠረች። እንደ ክሷ ከሆነ ደመወዝ ያገኘችው ለመጀመሪያው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሰባት ዓመት በላይ በር ተቆልፎባት፣ ከቤተሰቧም ጋር ተቆራርጣ ያለ ክፍያ ሠራች። ጉዳዩን ዚስ ኢዝ ሌባነን ይዞ አደባባይ ካወጣው በኋላ በ2019 ወደ አገሯ ተመለሰች። በ2020 በሕግ ድጋፍ ሰጪዎች አማካይነት በአሠሪዋና ባመጣት ኤጀንሲ ላይ በባርነትና በባሪያ ንግድ የወንጀል ክስ መሠረተች፤ በሊባኖስ እንዲህ ያለ ክስ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነበር። አሠሪዋ ክሱን አስተባብለዋል። በዚህ ታሪክ ልብ ማለት ያለብን አንድ ነገር አለ፤ ይፋ ማድረጉ በሩን አስከፈተ፣ የሰባት ዓመቱን ደመወዝ ግን አላስመለሰም። ለዚያ ጠበቃና ማስረጃ ያስፈልጋል።

ይፋ ማድረግ የሚጎዳበት ጊዜም አለ። በ2018 ከፎቅ ወድቃ ሆስፒታል የገባች ወጣት ኢትዮጵያዊት በደል እንደደረሰባት ስትናገር የሚያሳይ ቪዲዮ ዘመዷ በፌስቡክ ለቀቀችው። ብዙ ሰው አየው፤ ተቆጣም። ልጅቷ ግን ከሆስፒታል ስትወጣ የተመለሰችው ወደዚያው ወደ አሠሪዎቿ ቤት ነበር፤ ቀጥሎም በቴሌቪዥን ቀርባ ቃሏን አጠፈች። ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት የምታርፍበት ቦታ አልተዘጋጀላትም ነበር። ልምድ ያላቸው አክቲቪስቶች መጀመሪያ ልጅቷን ማስወጣት፣ ከዚያ መናገር የሚሉት ለዚህ ነው። በየቲክቶኩ የተበዳይን ፊት ሳይሸፍኑ «ሼር አድርጉ» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ስም ማጥፋት በሊባኖስ ወንጀል ነው፤ አሠሪ «ወርቅ ሰርቃ ጠፋች» ብሎ የሚያመለክትባት ሠራተኛም ጥቂት አይደለችም።

በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደግሞ ግሩፖቹ ሌላ ሥራ ሠሩ። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ዶላር በ1,500 ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ያ ሲፈርስ ብዙ አሠሪዎች በዶላር መክፈል አቃታቸው። ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። አስፋልት ላይ የተቀመጡት ሴቶች የቀረጿቸው ምስሎች ዓለም አቀፍ ዜና ሆኑ፤ ከውጭ የተዋጣው ገንዘብ ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛና ለአውሮፕላን ቲኬት ዋለ። የኦገስቱ የወደብ ፍንዳታና የ2024ቱ ጦርነት ሲመጡም «እኛ ለእኛ» ለተፈናቀሉት ሴቶች ደረሰ።

ይህ ሁሉ ግን የሚያገለግለው ስልክ ላላት ነው። ስልኳን የተነጠቀች ሴት ግሩፑ ውስጥ የለችም፤ ድምፅዋን የሚያሰማላት አገር ቤት ያለ ቤተሰቧ ብቻ ነው። ቤተሰብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው «ቤይሩት ናት» የሚለውን ነው። ኢትዮጵያ በ2008 ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድን ከከለከለች በኋላ ብዙዎች የተጓዙት በደላላ በመሆኑ ስማቸው በመንግሥት መዝገብ ላይ አይገኝም።

ስለዚህ ልጁን፣ እኅቱን ወይም ሚስቱን ወደ ዓረብ አገር የሚሸኝ ሁሉ የፓስፖርቷንና የኮንትራቷን ፎቶ፣ የአሠሪውን ሙሉ ስም በዓረብኛ ጭምር፣ የኤጀንሲውንና የደላላውን ስልክ ስልኩ ላይ ያስቀር። በደረሰች ሰሞን ደግሞ ያለችበትን ቦታ በዋትሳፕ ሎኬሽን እንድትልክ ይንገራት፤ ስልኳ ከተወሰደ በኋላ ያን ማግኘት አይቻልም።