ኮንትራቱን ላፍርሰው ወይስ ልጠብቅ?

አሜሪካ ውስጥ የቤት ኢንተርኔት በኮንትራት ስታስገቡ ኩባንያው ዋጋውን ዝቅ የሚያደርግላችሁ ለ12 ወይም ለ24 ወር ስለምትታሰሩለት ነው። ቴክኒሻን ለመላክና ሞደም ለማቅረብ ያወጣውን ከወርኃዊ ክፍያችሁ ላይ ቀስ በቀስ ይመልሳል። ቀድማችሁ ከወጣችሁ የቀረውን በማቋረጫ ክፍያ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ክፍያ ወር ባለፈ ቁጥር ይቀንሳል፤ ሰው የሚታለለውም እዚሁ ላይ ነው። “እየቀነሰ ስለሆነ ትንሽ ልታገሥ” ይላል፣ መታገሡ ራሱ ስንት እንደሚያስወጣው ግን አያሰላም።

በምሳሌ እንየው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ቤተሰብ የ24 ወር ውል አለው እንበል። በወር 75 ዶላር ይከፍላል፤ 14 ወር ሄዷል፣ 10 ወር ይቀረዋል። ማቋረጫው ለእያንዳንዱ ቀሪ ወር 15 ዶላር ስለሆነ ዛሬ ቢወጣ 150 ዶላር ይጠየቃል። ሌላ ኩባንያ ደግሞ ተመሳሳይ ፍጥነት በ50 ዶላር፣ ያለ ኮንትራት አቅርቦለታል። 150 ዶላር በአንድ ጊዜ መክፈል ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ሦስት ወር ጠብቆ ክፍያው 105 ሲሆን ለመውጣት ያስባል። በሦስቱ ወር ከማቋረጫው ላይ 45 ዶላር ይተርፈዋል፤ ነገር ግን በየወሩ 25 ዶላር ብልጫ ስለሚከፍል 75 ዶላር ያወጣል። መጠበቁ 30 ዶላር አከሰረው ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓይነት ውል የሚወዳደሩት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ በመቀየር በወር የምታተርፉት እና ማቋረጫው በወር የሚቀንሰው። ትርፉ ከበለጠ ዛሬ ውጡ፤ ከቀነሰ ጠብቁ። ስንት ወር እንደቀረ ውሳኔውን አይለውጠውም፣ የሚለውጠው የትርፉን ወይም የኪሳራውን መጠን ነው። አዲሱ ኩባንያ 65 ዶላር ቢጠይቅ ኖሮ ቤተሰቡ በወር የሚያተርፈው 10 ብቻ ስለሚሆን 150 ከፍሎ 100 ከማዳን ውሉን መጨረስ ይሻለው ነበር።

አዲሱ ኩባንያ ለመግጠሚያ 60 ዶላር ቢጠይቅስ? ውሉ ሲያልቅ ወደዚያው መሄዳችሁ የማይቀር ከሆነ ያንን ዛሬም ሆነ ከ10 ወር በኋላ ስለምትከፍሉት ከስሌቱ አውጡት። የሞደም ኪራዩን ግን አትርሱት። ሁልጊዜ ቢሉ መጨረሻ ላይ ያለውን ድምር ከድምር ጋር አስተያዩ፤ 50 ዶላሩ የመግቢያ ዋጋ ከሆነም ለስንት ወር እንደሚቆይ ጠይቁ።

ስሌቱ የሚለወጠው ማቋረጫው እስከ ዜሮ ሳይወርድ ሲቀር ነው። ቬራይዘን በ2009 መጨረሻ ላይ ለስማርት ስልኮች ማቋረጫውን 350 ዶላር አድርጎ፣ በየወሩ 10 ዶላር ብቻ ይቀንስለት ነበር። 23 ወር የከፈለ ደንበኛ አንድ ወር ቀርቶት እንኳ 120 ዶላር ይጠየቃል! የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም ማብራሪያ ጠይቆበታል። እንዲህ ባለው ውል፣ ወይም ክፍያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ በሆነበት፣ የቀሩት ወራት ወሳኝ ናቸው። በወር የምታተርፉትን በቀሪዎቹ ወራት አባዙት፤ ከማቋረጫው ካነሰ እስኪያልቅ መቆየት ይሻላል።

የእናንተ ውል የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ፣ ከ2024 ጀምሮ ኩባንያዎች ሲሸጡ እንዲያሳዩ የሚገደዱበትን Broadband Facts የሚል ሠንጠረዥ ፈልጉ። Early Termination Fee የሚለው መስመር መጠኑን ይነግራችኋል፤ በየወሩ እንዴት እንደሚቀንስ ካልተጻፈ የፈረማችሁትን ውል ተመልከቱ። ከዚያም “ዛሬ ብወጣ ስንት ነው?” ብላችሁ መልሱን በቻት ወይም በኢሜይል በጽሑፍ ተቀበሉ።

ስልክ ላይ ነገሩ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። “ኮንትራት የለንም” ይሏችኋል፣ ግን “በነፃ” የሰጧችሁን ስልክ ዋጋ ለ36 ወር ከፋፍለው በየወሩ ቢሉ ላይ ይጽፉና በዚያው ልክ ይቀንሱላችኋል። መስመሩን ስትዘጉ ቅናሹ ይቆማል፣ ዕዳው ይቀራል። የ720 ዶላር ስልክ በ20ኛው ወር ላይ 16 ጊዜ 20፣ ማለትም 320 ዶላር አለበት። ማቋረጫ አይባል እንጂ ሥራው ያው ነው።

ቤት ስለምትቀይሩ ከሆነ የምትወጡት፣ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉን ወደ አዲሱ አድራሻ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ለመውጣት ከወሰናችሁ ደግሞ የቢሉን ዑደት ተመልከቱ፦ ብዙዎቹ ኩባንያዎች የወሩን ቀሪ ቀናት ገንዘብ ስለማይመልሱ በዑደቱ ሁለተኛ ቀን መዝጋት ሙሉ ወር ያስከፍላል። ሞደሙን ስትመልሱም ደረሰኙን ያዙ፤ “አልደረሰንም” ተብሎ የሚመጣው የዕቃ ክፍያ አንዳንዴ ከማቋረጫው ይበልጣል።