«ደመወዝ፦ በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሥራ መፈለግ የጀመራችሁ ተመራቂዎች ይህን ሐረግ በየማስታወቂያው ሳታዩት አትቀሩም። በዚህ ጽሑፍ ስኬሉ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን።

ስኬል ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚመዘነው ሰው ሳይሆን ሥራ ነው። መደቡ የሚጠይቀው ዕውቀትና የሚሸከመው ኃላፊነት ነጥብ ይሰጠዋል። ተቀራራቢ ነጥብ ያገኙ መደቦች አንድ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ማስተርስ ያለው ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ በሚጠይቅ መደብ ቢቀጠር የሚከፈለው በመደቡ ደረጃ ነው።

እያንዳንዱ ደረጃ መነሻና ጣሪያ አለው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሁለቱ መካከል ያሉት ቦታዎች እርከን ይባላሉ፤ አዲስ ተመራቂም አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው ይጀምራል። በብዙ የግል ድርጅቶች ግን እርከን ስለሌለ ደመወዙ በመነሻውና በጣሪያው መካከል የትም ሊያርፍ ይችላል።

በምሳሌ እንየው። የአንድ ደረጃ መነሻ 16,000፣ አማካይ 20,000፣ ጣሪያ 24,000 ብር ነው እንበል። አማካዩ ሥራውን በሚገባ ለቻለ ሠራተኛ ድርጅቱ ተገቢ ነው የሚለው ክፍያ ነው። አዲስ ተመራቂዋ በ16,000 ትጀምራለች፤ ይህ የአማካዩ 80 በመቶ ነው። ነባሩ ባልደረባዋ 23,000 ላይ ደርሷል፤ ይህም 115 በመቶ ነው።

ለሁለቱም 10 በመቶ ቢጨመር እሷ 17,600 ትደርሳለች። እሱ ግን 25,300 አያገኝም፤ ጣሪያው 24,000 ላይ ያቆመዋል። ሥራው ጥሩ ሆኖም ጭማሪው 1,000 ብር ብቻ ይሆናል። ከዚህ በኋላ መንገዱ የደረጃ ዕድገት ነው። የሚቀጥለው ደረጃ ከ20,000 እስከ 30,000 ከሆነ ከፊቱ እንደገና 6,000 ብር ይከፈትለታል።

አሁን ሌላ ሁኔታ እንውሰድ። የዚያን ዓመት ድርጅቱ ስኬሉን በሙሉ በ10 በመቶ ከፍ አድርጎ ቢሆንስ? መነሻው ራሱ 17,600 ይሆናል። የተመራቂዋ ደመወዝ አድጓል፤ ቦታዋ ግን ፈቀቅ አላለም። ዛሬ የሚቀጠር ልምድ የሌለው ሰውም እኩሏን ያገኛል። ጭማሪ ሲደርሳችሁ ከመነሻው ምን ያህል እንደራቃችሁ የምታሰሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ የቅጥር ደብዳቤ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ደረጃው ስንት ነው? መነሻና ጣሪያውስ? በደረጃው ውስጥ ከፍ የሚያደርገው የአገልግሎት ዘመን ነው ወይስ የሥራ አፈጻጸም? በማስረጃ የተደገፈ የሥራ ልምድ ካላችሁ ከመነሻው ከፍ ብላችሁ ለመጀመር መጠየቅ ትችላላችሁ። ከጣሪያው በላይ ግን ቀጣሪው ቢወዳችሁም እጁ የታሰረ ነው።