የሠርግ ቀብድና የእንግዳ ቁጥር በአንድ መዝገብ

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ባለው የሠርግ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሹም፣ ዲኮሩም፣ ፎቶ አንሺውም በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ። ስለዚህ ቀብድ የሚከፈለው ከወራት በፊት ነው፤ አንዱን ሙሽራው፣ ሌላውን የሙሽሪት ወንድም፣ ኬኩን ደግሞ አክስት ይከፍላሉ። ቀኑ ሲቃረብ "ለዲኮሩ ስንት ቀረን?" ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በሦስት ሰው ስልክ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ ላይ የሚከፈት አንድ ፋይል ይህን ይሰበስባል። አራት ገጽ ይበቃዋል፦ ውሎች፣ ክፍያ፣ እንግዶች እና ጠረጴዛ።

በ"ውሎች" ገጽ ላይ የአገልግሎቱ ስምና የተስማማንበት ዋጋ ይጻፋል። ብዙዎች እዚያው "የተከፈለ" የሚል አንድ ሕዋስ ያስቀምጡና ሁለተኛው ክፍያ ሲመጣ የመጀመሪያውን አጥፍተው በላዩ ይጽፋሉ። ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደከፈለ ያኔ ይጠፋል። የሚሻለው እያንዳንዱን ብር በ"ክፍያ" ገጽ ላይ በየራሱ መስመር መመዝገብ ነው፦ ቀን፣ አገልግሎት፣ መጠን፣ ከፋይ። ቀሪው ሒሳብ በ"ውሎች" ገጽ ላይ ራሱ ይወጣል፦

```
=B2-SUMIFS('ክፍያ'!C:C,'ክፍያ'!B:B,A2)
```

እዚህ ላይ የፊደላችን ጣጣ አለ። አንዱ "ቪዲዮ"፣ ሌላው "ቪድዮ" ብሎ ከጻፈ ፎርሙላው ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ያያቸዋል፤ የተከፈለውም ብር እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። ስሙ ከተዘጋጀ ዝርዝር እንዲመረጥ ማድረግ ይህን ያስቀራል። ቀኑም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሠርጉ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው ብላችሁ 17/5/2018 ብትጽፉ ቀን ከወር በሚቀድምበት ቅንብር ፋይሉ የሚረዳው በፈረንጆቹ ሜይ 17 ቀን 2018 አድርጎ ነው፤ የቀሩትን ቀናት እንዲቆጥር ብታዙትም ከዓመታት በፊት ያለፈ ሠርግ ያሳያችኋል። ለስሌት የሚያገለግለው አምድ ጃንዋሪ 25 ቀን 2026 ይያዝ፤ የኛው ቀን በጎኑ በጽሑፍ ይቀመጥ።

የእንግዳው ዝርዝር ግን ከገንዘቡ ይከብዳል። "ከነባለቤትዎ" ተብሎ የተሰጠ አንድ ካርድ ሁለት ሰው ነው፤ "ከነቤተሰብዎ" የሚለው ደግሞ አምስትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚቆጠረው ካርዱ ሳይሆን ሰው ነው። ሚዜዎች ስልክ ሲደውሉ "ትመጣላችሁ?" ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት የአክብሮት መልስ ነው፤ "እንዴት እቀራለሁ!" ይባላል። "ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ?" ሲባል ግን ቁጥር ይመጣል። የማይመጣው 0 ይጻፍበት፤ ያልተገኘው ሰው ሕዋስ ባዶ ይተው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ለማን እንደገና መደወል እንዳለበት አይታወቅም። "3 ሰው" ብሎ መጻፍም አይበጅም፤ ፋይሉ እንደ ጽሑፍ ስለሚወስደው ከድምሩ ይወጣል። 3 ብቻ ይበቃል።

በየጠረጴዛው ስንት ሰው እንዳረጋገጠ "ጠረጴዛ" ገጽ ላይ እንዲህ ይደመራል፦

```
=SUMIFS('እንግዶች'!E:E,'እንግዶች'!F:F,A2)
```

E ያረጋገጡት ቁጥር፣ F የጠረጴዛው ቁጥር ነው። ጠረጴዛው 10 ሰው የሚይዝ ሆኖ ድምሩ 12 ከመጣ፣ ሁለቱን ማዛወር ያለባችሁ ዛሬ እንጂ ሙሽሮቹ ሲገቡ አይደለም። የሙስሊም እንግዶች ምግብም በዚሁ መንገድ በየጠረጴዛው ይቆጠራል፤ አስተናጋጁ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚያቀርብ አስቀድሞ ያውቃል።

ሁለቱ ሒሳቦች የሚገናኙት ምግቡ ላይ ነው። ለምሳሌ የምግብ ዝግጅቱ ለ300 ሰው፣ በሰው 1,200 ብር ሒሳብ ተዋውሏል እንበል፤ ጠቅላላው 360,000 ብር ነው። 108,000 ብር ቀብድ ተከፍሏል፤ 252,000 ብር ይቀራል። ውሉ የመጨረሻውን ቁጥር ከሠርጉ 7 ቀን በፊት ማሳወቅ ይፈቅዳል። በዚያ ቀን ያረጋገጡት 264 ሆኑ። ያልተጠሩ ዘመዶች መምጣታቸው ስለማይቀር 280 ብሎ ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ ያኔ ቀሪው 228,000 ብር ይሆናል። 24,000 ብር ዳነ ማለት ነው። ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ግን ያው 264 ቁጥር ምንም አይቀንስም፤ አንዳንድ ውል ደግሞ ከዚህ በታች አይወረድም የሚል ዝቅተኛ ቁጥር አለው። ስለዚህ ቀነ ገደቡም ዝቅተኛው ቁጥርም በ"ውሎች" ገጽ ላይ የየራሳቸው አምድ ይገባቸዋል።

አንድ አምድ ደግሞ ለስረዛ ይተው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ሲያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የተዋዋላችሁት አዳራሽ ወይም ዲኮር ይህን የሚሽር አንቀጽ በውሉ ላይ አስገብቶ እንደሆነ ሳትፈርሙ አንብቡ፤ ካለም እንዳለ ወደ መዝገቡ ገልብጡት።