በረዶ ሲቀልጥ፣ እንጨት ሲነድ

ሁለት የክፍል ጓደኞች ከሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሲወጡ ይከራከራሉ። «በረዶውንም እንጨቱንም የሚለውጣቸው ሙቀት ነው፤ ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?» ይላል ልጁ።

«የቀለጠውን ውኃ ፍሪዘር ውስጥ ብትከተው መልሶ በረዶ ይሆናል። አመዱን ግን እስቲ እንጨት አድርገው!»

«የተፈለጠ እንጨትም እኮ ተመልሶ ግንድ አይሆንም። መፍለጥና ማንደድ አንድ ናቸው ልትዪኝ ነው?»

ጥያቄው ጠንካራ ነው፤ መመለስ አለመመለስ ብቻውን አስተማማኝ መለያ አይደለም። ልጅቷ ጥቂት አሰብ አድርጋ ወደ ዋናው ነጥብ ገባች።

«ፍልጡ ያው እንጨት ነው፤ የቀለጠው በረዶም ያው ውኃ ነው። የሚነደው እንጨት ግን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሌላ ነገር ይሆናል፤ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ ተን።»

«ታዲያ ከአንድ ኪሎ እንጨት እፍኝ አመድ ብቻ ለምን ይቀራል?»

«ጋዙ ስላመለጠ ነዋ! ጭሱንና ጋዙን በሙሉ ሰብስበህ ከአመዱ ጋር ብትመዝነው ከእንጨቱ ይበልጥ ይከብዳል፤ ኦክስጅን ተጨምሮበታላ።»

ሙቀቱም ይለያቸዋል። በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ ሙቀት ይወስዳል፤ እንጨት አንዴ ከተያያዘ ሙቀት ይሰጣል። እርጥብ እንጨት ምድጃ ላይ ሲሆን ደግሞ ሁለቱ የለውጥ ዓይነቶች ጎን ለጎን ይታያሉ፦ በአንዱ ጫፍ ውኃው እየተንጨረጨረ ይተናል፣ በሌላው ጫፍ እንጨቱ ይነድዳል።